አስሩ የረሃብ ቀናት

አንዲት የቅርብ ጓደኛዬ አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ቤቴ መጣች። 31 ዓመቷ ነው። ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ትሮጣለች፣ ጾም አታፈርስም። ገና ሳትቀመጥ «ሆዴ ባሕርዩ ጠፍቶኛል» አለችኝ። «ሁለት ሳምንት ደህና ሰው ሆኜ እከርማለሁ። ከዚያ አንድ ማታ እጀምርና ዳቦውን፣ ብስኩቱን፣ ያገኘሁትን ሁሉ እጠርጋለሁ። ጠዋት ስነሳ በራሴ አፍራለሁ። ምን ዓይነት ሆዳም ነው የሆንኩት?»

የሥነ ምግብ ባለሙያ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብልኛል። ምክር ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ለመንኳት። ለሁለት ወር ያህል ማታ ማታ በትንሽ ደብተር አራት ነገሮችን እንድትጽፍ፦ የወር አበባዋ መኖር አለመኖሩን፣ ረሃቡ በስንት ሰዓት እንደመጣ፣ እንቅልፏ እንዴት እንደነበረ፣ የሮጠች ቀን ደግሞ እግሯ ቀሎ ወይስ ከብዶ እንደዋለ። ደም የታየበትን የመጀመሪያ ቀን «1» ብላ እንድትቆጥር ነገርኳት።

ደብተሩን ይዛ ስትመለስ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየ። ዑደቷ 30 ቀን ነው። ያፈረችባቸው ማታዎች በሙሉ፣ በሁለቱም ወር፣ ከ20ኛው እስከ 29ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወድቀዋል። ከ6ኛው እስከ 15ኛው ቀን ድረስ አንድም የለም። ሆዳምነት ቢሆን ኖሮ ቀን አይመርጥም ነበር።

ወሩ ሁለት ግማሽ አለው

የወር አበባ ዑደት የሚጀምረው ደም በታየበት ቀን ሲሆን የሚያበቃው ቀጣዩ ደም ሊታይ ሲል ነው። ብዙ ጊዜ 28 ቀን ይባላል እንጂ ለአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ሊሆን ይችላል። መሐሉ ላይ እንቁላል ይወጣል። ከዚያ በፊት ያለው ግማሽ የኢስትሮጅን ነው፤ ይህ ሆርሞን ደሙ ካቆመ በኋላ እየጨመረ ሄዶ እንቁላሉ ሊወጣ ሲል ጫፍ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው ግማሽ ደግሞ የፕሮጄስትሮን ነው። ስሙን ባናውቀው እንኳ ሥራውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ማሕፀን ፅንስ ለመቀበል እንዲሰናዳ የሚያደርገው እሱ ነው።

ኢስትሮጅን የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል። ስለዚህ ብዙ ሴቶች በወሩ ውስጥ ትንሹን የሚበሉት እንቁላል በሚወጣበት ሰሞን ነው፤ እነሱ ግን ልብ አይሉትም። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን ሲነግሥ ያ ልጓም ይላላል፣ የሰውነት ሙቀትም ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ከፍ ይላል። በዕረፍት ጊዜ ሰውነት የሚያቃጥለው ኃይልም በጥቂቱ ይጨምራል። በብዙ ሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በሁለተኛው ግማሽ ወር የሚበላው በቀን በአማካይ ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ያህል ይበልጣል። አንዳንዷ ዘንድ ከዚያ በላይ ይሆናል፣ አንዳንዷ ዘንድ ደግሞ ልዩነቱ አይታወቅም።

ይህ ቁጥር በእጅ ሲያዝ ምን ያህል ነው? ሁለት እፍኝ የገብስ ቆሎ ነው። ወይም አንድ ሙዝና አንድ የተቀቀለ እንቁላል። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆየች። ሁለት እፍኝ ቆሎ የሚጠይቃትን ሰውነት አሥር ቀን ሙሉ ስትከለክለው ከርማ፣ ማታ ላይ አምስት እጥፍ አድርጎ ሲቀበላት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የአቆጣጠር ስህተት አለ። ብዙዎች ሁለተኛውን ግማሽ ለማግኘት ከደሙ ቀን ጀምረው 14 ይቆጥራሉ። ከሴት ሴት፣ ከወር ወር የሚረዝመውና የሚያጥረው ግን በአብዛኛው የመጀመሪያው ግማሽ ነው፤ ሁለተኛው ብዙም ሳይዛነፍ ወደ ሁለት ሳምንት ይጠጋል። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ከሚጠበቀው ደም ወደ ኋላ ነው። ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት እንቁላሏ በ14ኛው ቀን አካባቢ ይወጣል፣ 30 ቀን ለሆነችው በ16ኛው፣ 34 ቀን ለሆነችው ደግሞ በ20ኛው አካባቢ ነው። የረሃቡ ቀናት ከዚያ ጥቂት ቀን አለፍ ብለው ይጀምራሉ።

ረሃቡ ማታ ይመጣል፣ መልሱ ግን ጠዋት ነው

የጓደኛዬን ቀን አብረን አየነው። ጠዋት 12 ሰዓት ትሮጣለች። 2 ሰዓት ላይ ቢሮ ገብታ ማኪያቶ ትጠጣለች፣ ቁርስ የለም። 7 ሰዓት ላይ ምሳ ትበላለች፤ ክብደት ፈርታ እንጀራውን ግማሽ ታደርገዋለች። ወዲያው ቡና ይከተላል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከሥራ ትወጣለች፣ ታክሲ ተሰልፋ 1 ሰዓት ላይ ቤቷ ትገባለች። በመጀመሪያው ግማሽ ወር ኢስትሮጅን ይሸፍንላታልና ይህ ቀን እንደምንም ያልፋል። በሁለተኛው ግማሽ አያልፍም። ከምሳ እስከ ማታ ያለው ስድስት ሰዓት ባዶ ሆድ ነው፤ በሩን ከፍታ ስትገባ እጇ መጀመሪያ የሚያገኘው ደግሞ ለመብላት ምንም ሥራ የማይጠይቀው ጣፋጭ ነገር ነው።

ማታውን ለማሸነፍ አልሞከርንም። ጠዋቱንና ቀትሩን ለወጥን። ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ከሩጫ ስትመለስ ቂንጬ ከሁለት እንቁላል ጋር፣ በጾም ቀን ደግሞ ቂንጬ ከለውዝ ጋር ትበላለች። ምሳዋን ሙሉ ታደርጋለች፤ እንጀራው ሳይቀነስ የምስሩ ወይም የሽሮው ድርሻ ይጨምራል። 10 ሰዓት ላይ ቢሮ ጠረጴዛዋ ውስጥ ካስቀመጠችው ቆሎና ለውዝ ሁለት እፍኝ ትቆረጥማለች። ከተጨመሩት ሁሉ ትልቁን ሥራ የሠራው ይህ የ10 ሰዓት ቆሎ ነው። ፕሮቲንና አሰር ያለው ምግብ ከሆድ ቶሎ አይወጣም፣ የደም ስኳርንም በአንዴ አውጥቶ በአንዴ አያወርድም፤ ስለዚህ 1 ሰዓት ላይ ቤቷ የምትገባው እየራባት ነው እንጂ እየተንቀጠቀጠች አይደለም።

ጣፋጭ ማማሩስ? ከወር አበባ በፊት የሚመጣ የጣፋጭ አምሮት ሁሉ የሆርሞን ትእዛዝ ነው ብሎ ማመን ያስቸግራል። በአሜሪካ በ2017 የታተመ ጥናት፣ እዚያው ተወልደው ካደጉት ይልቅ ከሌላ አገር የሄዱ ሴቶች ከወር አበባ ጋር የተያያዘ የቸኮሌት አምሮት በጣም ጥቂት እንደሚሰማቸው አሳይቷል። ረሃቡን ሰውነት ያመጣዋል፤ ረሃቡ ወደ ምን እንደሚሄድ ግን ልማድና አካባቢም ይወስናሉ። ስለዚህ ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚገኘው ነገር ትርጉም አለው። የተቀቀለ ድንች፣ ሙዝ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ከለውዝ ቅቤ ጋር ተሰናድቶ ከተቀመጠ እጅ መጀመሪያ እሱን ያገኛል። አንድ ቁራሽ ቸኮሌትም ከእራት በኋላ ቢበላ ጉዳት የለውም፤ ጉዳቱ ባዶ ሆድ ላይ ራት ሆኖ ሲበላ ነው።

በእነዚሁ ቀናት ሚዛን ላይ መውጣት ያሳስታል። ሰውነት ውኃ ስለሚይዝ ክብደት አንድ ኪሎ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ደሙ ከመጣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይሄዳል። ሆድ የሚነፋውና የሚደርቀውም ፕሮጄስትሮን የአንጀትን እንቅስቃሴ ስለሚያዘገይ ነው። ጓደኛዬ ይህን ውፍረት መስሏት ምሳዋን ትቀንስ ነበር፤ የተቀነሰው ምሳ ደግሞ ማታ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። ለዚህ ሆድ የሚሻለው ውኃ መጠጣት፣ ጎመንና ምስር የመሰለ አሰር ያለው ምግብ መጨመር፣ ጨው የበዛበትን የታሸገ ምግብ መቀነስ ነው።

ጾሙ ሲገጥም

ለጓደኛዬ ከባዱ ወቅት ዐቢይ ጾም ነበር። 55 ቀን ማለት ሁለት ዑደት ለመሙላት ጥቂት ቀን ብቻ የቀረው ነው፤ ስለዚህ የረሃቡ አሥር ቀናት ቢያንስ አንዴ፣ ብዙ ጊዜም ሁለቴ ጾሙ ውስጥ ይወድቃሉ። እስከ 9 ሰዓት ስትጾም የ10 ሰዓቱ ቆሎ ብቻውን አይበቃትም።

ያደረግነው የሚበላባቸውን ሰዓታት በሁለት ሙሉ ማዕድ መክፈል ነው። 9 ሰዓት ላይ በውኃና በፍራፍሬ ሆዷን ከፍታ፣ ሳትቆይ የመጀመሪያውን ማዕድ ትበላለች፤ ምስር ወይም ባቄላ ያለበት መሆን አለበት፣ አትክልትና እንጀራ ብቻ አይበቃም። 2 ሰዓት ማታ ላይ ሁለተኛውን፦ ሽሮ፣ ወይም የሱፍ ፍትፍት፣ ወይም ሽንብራ። በመካከሉ ለውዝና ቆሎ አለ። ቀድሞ 9 ሰዓት ላይ የምታደርገው ሻይና ሳምቡሳ ቀምሳ እስከ ማታ መቆየት ነበር፤ እዚያ ላይ ነው ማታው የሚበላሸው። ሩጫውን ደግሞ በእነዚያ አሥር ቀናት ወደ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ አመጣችው፤ ከሥራ ቀን ይልቅ ቅዳሜና እሑድ ይመቻታል፣ ሮጣ እንደጨረሰች ማዕድ ይጠብቃታል።

ሙስሊም እህቶቻችን በረመዳን የወር አበባቸው ሲመጣ አይጾሙም፤ የጎደሉትን ቀናት በኋላ ቀዷ ያወጣሉ። ለዚህ ቀዷ ቀን ስትመርጥ አንዲት ሴት ደሟ ካቆመ በኋላ እንቁላል እስከሚወጣ ድረስ ያሉትን ቀናት ብታደርጋቸው ይቀልላታል። ሰውነት ራሱ ትንሽ የሚጠይቅበት ሳምንት እሱ ነውና።

ደሙ ሲመጣ

ደም በታየበት ቀን ሁለቱም ሆርሞኖች ወደ ታች ወርደዋል። ብዙዎች ረሃቡ ድንገት እንደተቆረጠ ይሰማቸዋል። ቁርጠቱን የሚያመጣው ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ማሕፀን እንዲኮማተር የሚያደርገው እሱ ነው፤ አንጀትንም ስለሚነካ በመጀመሪያው ቀን ተቅማጥና ማቅለሽለሽ ይኖራል። አይቡፕሮፌን የሚሠራው ይህንኑ ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። ስለዚህ ሕመሙ ከበረታ በኋላ ከሚወሰድ ገና ሲጀምር፣ ባዶ ሆድ ላይም ሳይሆን ጥቂት ተበልቶ ቢወሰድ ይሻላል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለባት ግን ሳትጠይቅ አትውሰደው።

በእነዚህ ሁለት ቀናት ትልቅ ማዕድ ማስገደድ አያስፈልግም። አጥሚት፣ የአትክልት ወይም የሥጋ ሾርባ፣ የዝንጅብል ሻይ በትንሽ በትንሹ ቢወሰድ ይበቃል። ዝንጅብል በብዙ ትንንሽ ጥናቶች ቁርጠት ሲያቀል ታይቷል። ከ3ኛው ቀን በኋላ አብዛኛዋ ሴት ቀለል ይላታል። ጓደኛዬ ግን አልቀለላትም ነበር። ደብተሯ ውስጥ ከ3ኛው እስከ 9ኛው ቀን «እግሬ ከበደ፣ ዳገቱን በእርምጃ ወጣሁ» የሚል ተደጋግሟል። ይህ ከሆርሞን በላይ የሆነ ነገር ነው፤ ወደ ደም ሒሳብ ወሰደን።

የብረት ሒሳብ

በአንድ የወር አበባ በአማካይ ከ30 እስከ 40 ሚሊ ሊትር ደም ይፈሳል፤ ከሁለት የምግብ ማንኪያ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ግማሽ ሚሊ ግራም ያህል ብረት አለ። 35 ሚሊ ሊትር ብንል 17 ሚሊ ግራም ተኩል ብረት በየወሩ ይወጣል። ትንሽ ይመስላል። ችግሩ ከምንበላው ብረት ሰውነት የሚቀበለው ጥቂቱን መሆኑ ነው። አሥር እጅ አንድ ተቀበለ ብንል፣ ያን ለመተካት ከሌላው በተጨማሪ 175 ሚሊ ግራም መብላት ያስፈልጋል። ለ28 ቀን ስናካፍለው በቀን 6 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። በአንድ ስኒ ሙሉ በተቀቀለ ምስር ውስጥ የሚገኘው ያህል ማለት ነው።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛ፣ የወር አበባን ደም በአበባው ሳምንት ብቻ በልቶ መተካት አይቻልም፤ የሚተካው ወሩን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ነው። ሁለተኛ፣ ከአሥር እጅ አንድ የሚለው ቁጥር ራሱ የሚለዋወጥ ነው። ከሥጋና ከጉበት የሚገኘው ብረት በደንብ ይገባል። ከእህልና ከአትክልት የሚገኘው ግን አብሮት በሚበላው ነገር ላይ ተመሥርቶ በእጅጉ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

«ጤፍ እየበላሁ እንዴት ብረት ይጎድለኛል?» አለችኝ ጓደኛዬ። ጤፍ ብረት አለው። ነገር ግን በጥናት የሚነገረው ከፍተኛ ቁጥር ብዙው ክፍል አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የሚገባ ነው፤ ጤፉ በደንብ ሲታጠብ ቁጥሩ ይወርዳል። የአፈሩን ብረት ሰውነት የሚጠቀምበት በጣም በትንሹ ነው። የጤፉ የራሱ ብረት ደግሞ ፋይቴት በሚባል ነገር ተይዟል። ፋይቴትን የሚቀንሰው እርሾ ነው። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፣ ብረቱም ይለቀቃል፤ በጥድፊያ ከተጋገረ ብዙው እዚያው ታስሮ ይቀራል። አያቶቻችን ለጣዕም ብለው የጠበቁት ሊጥ ለደምም የሚጠቅም ነበር።

ከዚያ ቡናው አለ። በ1983 በታተመ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት 39 በመቶ ቀንሶታል፤ ሻይ ደግሞ 64 በመቶ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የሰዓቱ ነገር ነው። ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣ ቡና ምንም አልቀነሰም። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣው ግን ከምግቡ ጋር እንደተጠጣው ያህል ቀነሰ። ማለትም «ምሳ በላሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ቡና ጠጣሁ» የሚለው ልማድ አያድንም። ጓደኛዬ ቡና አላቆመችም፤ ማቆምም አያስፈልጋትም። ከምሳ በኋላ የነበረውን ወደ ጠዋት 4 ሰዓት ተኩል አመጣችው፣ የምስር ምሳዋን 7 ሰዓት ትበላለች። ቅዳሜ እናቷ ቤት ቡና ሲፈላ ደግሞ ምሳው ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ እንዲበላ ተስማሙ።

ወደ ውስጥ የሚያስገባው ቫይታሚን ሲ ነው። ግን ሲበስል ይጠፋል፤ ስለዚህ በወጡ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የፈላው ቲማቲም ብዙ አይረዳም። ጥሬ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ሎሚ ተጨምቆበት ከምስሩ ጎን መቀመጥ አለበት። ግማሽ ሎሚ ምስሩ ላይ መጭመቅም ይበቃል።

እናቷ ግን ሌላ መድኃኒት ነበራቸው። «ልጄ፣ ቀይ ሥር ጨምቀሽ ጠጪ፣ ደም ይተካልሻል» ይሏታል። ቀይ ሥር ጥሩ ምግብ ነው፤ ነገር ግን 100 ግራም ውስጥ ያለው ብረት ከአንድ ሚሊ ግራም በታች ነው። በዚያው ክብደት የበሰለ ምስር ሦስት እጥፍ ከዚያም በላይ አለው። የቀይ ሥር ቀይነት ከብረት የመጣ አይደለም። እናቷን ላለማስከፋት ጭማቂውን ትጠጣለች፤ ከምስሩ ጋር ሎሚ ጨምቃበት።

ምግብ የማይሸፍነው

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሒሳቡ በአማካዩ አካባቢ ሲሆን ነው። ደሙ 80 ሚሊ ሊትር ከሆነ የሚወጣው ብረት 40 ሚሊ ግራም ነው፤ ይህን በምስርና በሎሚ ማካካስ በጣም ይከብዳል። ማንም ደሙን በመስፈሪያ አይሰፍርም፤ ምልክቶቹ ግን ይታወቃሉ፦ በየአንድ ወይም ሁለት ሰዓቱ ሞዴስ መቀየር፣ ሌሊት ለመቀየር መነሳት፣ ትልልቅ የረጋ ደም መውጣት፣ ከ7 ቀን በላይ መፍሰስ። ጓደኛዬ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በየሁለት ሰዓቱ እንደምትቀይር ነገረችኝ። ሴት ሁሉ እንዲህ የሆነ ይመስላት ነበር፤ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሐኪም ዘንድ ሄደች። የሄሞግሎቢን ውጤቷ 12.4 መጣ፤ ይህ ብቻውን «ደም አለሽ» የሚያስብል ነው። ብዙ ሴቶች እዚህ ላይ ተመርምረው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ሐኪሟ ግን ፌሪቲን አስጨመሩላት፤ ፌሪቲን በጎተራ የተቀመጠውን ብረት የሚያሳይ ምርመራ ነው። 11 ሆኖ ተገኘ። ከ15 በታች ሲሆን ጎተራው ባዶ ነው ይባላል። ሄሞግሎቢን የሚወርደው ጎተራው ካለቀ በኋላ ነው፤ ድካሙ ግን ከዚያ በፊት ሊጀምር ይችላል። የእግሯ መክበድ ምክንያት ተገኘ። የብረት እንክብል ታዘዘላት፤ በየቀኑ ሳይሆን አንድ ቀን እየዘለለች፣ ከቡና ርቃ እንድትወስድ። በየቀኑ ሲወሰድ ሰውነት በማግስቱ ብረቱን የሚቀበልበትን በር ስለሚያጠብ፣ እየዘለሉ መውሰድ ለብዙዎች የተሻለ ይገባል። የደሙ ብዛት ከምን እንደሆነም ተመረመረች። በራስ ፈቃድ እንክብል መዋጥ ግን ተገቢ አይደለም፤ ሳያስፈልግ የተወሰደ ብረት ይጎዳል።

በአገራችን በ2016 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። ሄሞግሎቢናቸው ገና ያልወረደ፣ ጎተራቸው ብቻ የተራቆተ ሴቶች ከዚህ ቁጥር ውጭ ናቸው። በጾም ወራት ይህ ዓይነቷ ሴት ሐኪሟንና የንስሐ አባቷን አብራ ብታማክር መልካም ነው።

ስለ ሩጫና ስለ ማገገም

ሰሞኑን «ስፖርትሽን ከወር አበባሽ ጋር አስተካክዪ» የሚል ምክር በስልክ ስክሪን ላይ በብዛት ይታያል፤ በዚህ ሳምንት ክብደት አንሺ፣ በዚያ ሳምንት ዝርግ ብለሽ ተዘርጊ ይላል። ማስረጃው ይህን ያህል አይሸከምም። ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በደሙ የመጀመሪያ ቀናት አቅም ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል፤ ልዩነቱ ግን በአማካይ በጣም ትንሽ ነው፣ ከሴት ሴትም ይለያያል። ሁለት ነገር ግን ልብ ይሏል።

የመጀመሪያው እህል ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ወር ትንሽ እህል የምትበላ ሯጭ ጡንቻዋ ውስጥ የሚከማቸው ስኳር ሊያንስ ይችላል፤ በቂ እህል ከበላች ልዩነቱ ይጠፋል። ስለዚህ ክብደት ለመቀነስ ተብሎ እንጀራና ዳቦ የሚቆረጥበት ሳምንት፣ ጉልበት አለኝ ተብሎ ብዙ የሚሮጥበት ያው ሳምንት ከሆነ፣ ድካሙ ራስን በራስ ማምጣት ነው። ጓደኛዬ ከሩጫ በኋላ በሶ በጥብጣ ትጠጣለች፤ ከዚያ በሁለት ሰዓት ውስጥ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን የሚሰጣት ቁርስ ትበላለች። ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት፣ በጾም ደግሞ አንድ ስኒ ሙሉ ምስር ከእንጀራ ጋር ይህን ያህል ይሆናል።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ከደሙ በፊት ባሉት ቀናት ሙቀቱ ከፍ ስለሚል እንቅልፍ ይቆራረጣል፤ ጡንቻ ደግሞ የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው። በእነዚያ ቀናት ከቀትር በኋላ ቡና አለመጠጣት፣ ራትን ማዘግየት መተው፣ ረጅሙን ሩጫ ማሳጠር ከማንኛውም ልዩ ምግብ ይልቅ ይረዳል።

አንድ ነገር ደግሞ ችላ ሊባል አይገባም። ብዙ የምትሮጥ ወይም ምግቧን በጣም የምትቀንስ ሴት የወር አበባዋ ሦስት ወር ከቀረ፣ እርግዝና ካልሆነ፣ ሰውነቷ ለዑደቱ የሚሆን ኃይል አጥቶ ይሆናል። «ስፖርተኛ ስለሆንኩ ነው፣ ቀለለኝ» ማለት አይገባም። አጥንት እየሳሳ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም በእርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ በመርፌ ወይም በክንድ ውስጥ በሚቀበር መከላከያ ላይ ያለች ሴት ይህ የሁለት ግማሽ ሥርዓት በትክክል አይሠራላትም፤ የራሷ ሆርሞን ታግዷልና። እሷም ደብተሩን ብትይዝ ይጠቅማታል፤ የምታገኘው ካርታ ግን የእሷ ብቻ ይሆናል።

ጓደኛዬ ከሦስት ወር በኋላ ፌሪቲኗን ደግማ ተመረመረች፤ 34 ደርሷል። ደብተሩን አሁንም አልተወችም። ባለፈው ሳምንት ስታሳየኝ 22ኛው ቀን ላይ እንዲህ የሚል አየሁ፦ «ዛሬ ራበኝ። 10 ሰዓት ላይ ቆሎ በላሁ። ማታ ሽሮ። 4 ሰዓት ተኛሁ።» ከዚያ በታች ሌላ ምንም አልተጻፈም። ስድቡ ቀርቷል።